ፋሮስ፦ ስለ እስክንድርያው የመብራት ማማ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ጥንት የባሕር መብራቶች ጥያቄ ሲነሳ ወሬው ዞሮ ዞሮ እስክንድርያ ላይ ያርፋል። እኔም እዚያው ልቆይ። ቁመቱን፣ እሳቱንና ያንን ታዋቂ መስተዋት አንድ በአንድ እናያለን። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማማውን ማን ሠራው? መቼ?

ሥራው የተጀመረው በግብፁ ንጉሥ በቀዳማዊ በጥሊሞስ ዘመን ነው። ያለቀው በልጁ በዳግማዊ በጥሊሞስ ጊዜ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ280 አካባቢ ነው። የቆመው ከከተማዋ ፊት ለፊት ባለች ፋሮስ በምትባል ደሴት ላይ ነበር። ደሴቲቱን ከከተማው ጋር የሚያገናኝ ከአንድ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ የድንጋይ ድልድል ተሠርቶ ነበር። ማማው ስሙን የወሰደው ከደሴቲቱ ነው። ዛሬ ጣልያኖች የባሕር መብራትን «ፋሮ»፣ ፈረንሳዮች «ፋር» የሚሉት ከዚያው ነው።

ደሴቲቱ ለእኛም ባዕድ አይደለችም። ብሉይ ኪዳንን ከዕብራይስጥ ወደ ግሪክ የመለሱት ሰባ ሊቃናት በዚሁ በዳግማዊ በጥሊሞስ ዘመን የሠሩት እዚያች ደሴት ላይ ነው ይላል የቆየው ትውፊት። ትውፊቱን እንዳለ ከተቀበልነው፣ ሊቃውንቱ ሲተረጉሙ የግንበኞቹ መዶሻ ከጎናቸው ይሰማ ነበር ማለት ነው።

ከሥራው ጋር ስሙ የተያያዘው ሰው የክኒዶሱ ሶስትራጦስ ነው። የሮማው ጸሐፊ ፕሊኒ ወጪው 800 መክሊት ብር እንደነበር ይነግረናል። መክሊቱን በ26 ኪሎ ብናስበው ከ20 ቶን በላይ ብር ይሆናል።

ሶስትራጦስ ስሙን በኖራ ስር ደበቀው የሚባለው እውነት ነው?

ታሪኩ ደስ ይላል። ሶስትራጦስ የራሱን ስም ድንጋዩ ላይ ቀረጸ፣ በላዩ ኖራ ለሰነ፣ በኖራው ላይ የንጉሡን ስም ጻፈ። ከዘመናት በኋላ ልስኑ ሲረግፍ የእሱ ስም ብቅ አለ ይባላል። ያወራው ጸሐፊው ሉቅያኖስ ማማው ካለቀ ከ400 ዓመት በላይ ቆይቶ የኖረ ሰው ነው። ከእሱ የሚቀድመው ፕሊኒ ግን ተቃራኒውን ይናገራል። ንጉሡ የሶስትራጦስ ስም እንዲጻፍ መፍቀዱን አንስቶ ልበ ሰፊነቱን ያመሰግናል። እኔ የማምነው ፕሊኒን ነው።

ለምን ያን ያህል ረጅም አደረጉት? ለታይታ ነው?

ታይታም አለበት። ዋናው ምክንያት ግን የባሕር ዳርቻው ነው። የእስክንድርያ አካባቢ ሜዳ ነው። ተራራ የለ፣ ገደል የለ። ከባሕር የሚመጣ መርከበኛ መሬቱን የሚያየው አፍንጫው ስር ሲደርስ ነው። በዚያ ላይ የወደቡ መግቢያ ዓለትና ጥልቀት የሌለው ውኃ አለበት። የጂኦግራፊ ጸሐፊው ስትራቦን ነገሩን በግልጽ አስቀምጦታል። ዳርቻው በሁለቱም በኩል ዝቅተኛና ወደብ አልባ ስለሆነ፣ መግቢያውን ለማግኘት ከፍ ያለና የሚታይ ምልክት አስፈለገ ይላል። ማማው ከነጭ ድንጋይ እንደተሠራ የሚነግረንም እሱ ነው።

መሳሳት ቀላል ዋጋ አልነበረውም። ዩልየስ ቄሳር እንደጻፈው፣ መንገድ ስታ ወይም ማዕበል ገፍቷት እዚያ የደረሰች መርከብን የደሴቲቱ ነዋሪዎች ይዘርፏት ነበር።

ቁመት ለምን እንደሚረዳ ለማየት ምድር ክብ መሆኗን ማስታወስ ይበቃል። ባሕሩ ዝርግ ይምሰለን እንጂ ጎባጣ ነው። መብራቱ የቱንም ያህል ቢደምቅ ከጉብታው በታች ከሆነ አይታይም። አንዲት ቀላል ስሌት አለች። የመብራቱን ከፍታ በሜትር ትወስዳላችሁ፣ ስኩዌር ሩቱን ታወጣላችሁ፣ በ3.86 ታባዛላችሁ። የሚገኘው ርቀት በኪሎ ሜትር ነው። አየሩ ብርሃንን ትንሽ ማጉበጡም ተቆጥሯል። ለተመልካቹ ዓይን ከፍታም እንዲሁ አድርጋችሁ ሁለቱን ትደምራላችሁ።

እንሞክረው። እሳቱ 100 ሜትር ላይ ነው እንበል። ስኩዌር ሩቱ 10 ነው፣ ርቀቱ 38.6 ኪሎ ሜትር ይሆናል። መርከበኛው ዓይኑ ከውኃው 4 ሜትር ከፍ ካለ 7.7 ይጨመርለታል። በድምሩ 46 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ማማው 20 ሜትር ብቻ ቢሆንስ? 25 ኪሎ ሜትር። የዘመኑ የጭነት መርከብ ጥሩ ነፋስ ሲያገኝ በሰዓት 8 ወይም 9 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ብንል፣ ረጅሙ ማማ ከአምስት ሰዓት በላይ፣ አጭሩ ሦስት ሰዓት ያህል ቀድሞ ይታየዋል። የሁለት ሰዓት ልዩነት በሌሊት፣ በማይታወቅ ዳርቻ፣ ብዙ ነው።

እዚህ ጋ ግን አንድ የሚያናድድ ነገር አለ። የማማውን ድርሻ እጥፍ ለማድረግ ቁመቱን አራት እጥፍ ማድረግ ይጠይቃል። ስለዚህ ከ100 ሜትር በኋላ የሚጨመረው ድንጋይ እየበዛ፣ የሚገኘው ርቀት እያነሰ ይሄዳል።

ትክክለኛ ቁመቱ ስንት ነበር?

አብዛኞቹ ግምቶች 100 ሜትርና ከዚያ ትንሽ በላይ ላይ ይሰባሰባሉ። ከጥንት ግሪኮች የተረፈ አስተማማኝ ልኬት የለም። ጠቃሚዎቹ የዓረብ ተጓዦች ናቸው፣ ምክንያቱም በእግራቸው ወጥተው ለክተውታል። በ12ኛው መቶ ዘመን አል-በለዊ የሚባል የአንዳሉሲያ ሰው ማማውን ፎቅ በፎቅ ለክቶ ጽፏል። በ1326 ደግሞ ኢብን በጡጣ መጥቶ በስንዝር ለካው። እያንዳንዱ ጎን 140 ስንዝር፣ የግድግዳው ውፍረት 10 ስንዝር፣ የውስጡ መተላለፊያ ስፋት 9 ስንዝር ብሏል። ስንዝሩን 22 ሳንቲ ሜትር ካልነው ጎኑ 31 ሜትር ያህል፣ ግድግዳው ከሁለት ሜትር በላይ ይሆናል።

በነገራችን ላይ በሩ ከመሬት ከፍ ብሎ ነበር። ከፊት ለፊቱ እኩል ከፍታ ያለው ሌላ ግንብ አለ። በመካከላቸው ሳንቃ ይዘረጋል። ሳንቃው ከተነሳ ወደ ማማው የሚገባ የለም። ጥበቃው በዚያች ሳንቃ ያበቃለታል።

ያን ያህል ድንጋይ ተደራርቦ እንዴት ራሱን አልጨፈለቀም?

ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው ይጠይቃል፣ መልሱ ግን ከሚጠበቀው ይቀላል። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ የድንጋይ ዓምድ 100 ሜትር ብትቆልሉ ክብደቱ 250 ቶን ያህል ነው። ደህና የኖራ ድንጋይ በዚያው ስፋት 2,000 ቶን ቢጫነውም አይደቅም። ስለዚህ ድንጋዩ በክብደት በኩል ሰፊ ትርፍ አለው።

የሚያስፈሩት ሌሎች ነገሮች ናቸው። አንዱ መሠረት ነው። ከሥሩ ያለው መሬት በአንድ በኩል ትንሽ ቢሰምጥ ማማው ያዘነብላል። ፋሮስ ግን ያረፈው የደሴቲቱ ዓለት ላይ ነው። የናይል ደለል ላይ ቢሆን ኖሮ ወሬው ሌላ ነበር። ሁለተኛው ወደ ጎን የሚገፋ ኃይል ነው፤ ነፋስ፣ ማዕበል፣ ከሁሉ በላይ የመሬት መንቀጥቀጥ። ድንጋይ ሲጫኑት ይችላል፣ ሲጎትቱት ግን ይከፈታል።

ቅርጹ ለዚህ መልስ ነው። ማማው ሦስት ደረጃ ነበረው። ከታች አራት ማዕዘን፣ በላዩ ስምንት ማዕዘን፣ ከጫፉ ክብ። እያንዳንዱ ካለበት ገባ ብሎ ይጠባል። የታችኛው ክፍል ብቻ ከጠቅላላው ቁመት ከግማሽ በላይ ይወስዳል። ክብደቱ ወደ ታች ተሰብስቧል፣ ጫፉ ቀላል ነው። ድንጋዩ ለድንጋይ እንዳይንሸራተትም በብረት ይቆላለፋል። በሁለት ጥርብ ድንጋዮች ጫፍ ላይ ጎድጓዳ ይፈለፈላል፣ የብረት ቁራጭ ይገባበታል፣ ከዚያ የቀለጠ እርሳስ ይፈስበታል። እርሳሱ ሁለት ሥራ ይሠራል። ብረቱን አጥብቆ ይይዘዋል፣ ጨዋማውን አየር ደግሞ ያርቅለታል። ብረት ከዛገ ያብጣል፣ ካበጠ ድንጋዩን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ባሕር ዳር ላይ ብረት ይዞ የሚገነባ ሰው ዛሬም የሚፈራው ይህንኑ ነው።

ክሬን በሌለበት ዘመን ድንጋዩን እንዴት አወጡት?

ክሬን ነበር። ግሪኮች ይህ ማማ ከመሠራቱ ከ200 ዓመት በፊት ጀምሮ በክሬን ይገነቡ ነበር። ሞተር አልነበረውም እንጂ አሠራሩ ዛሬ ከምናየው ብዙ አይርቅም። ሁለት ግንዶች ጫፋቸው ተገናኝቶ ይቆማሉ፣ ከላይ ፑሊ ይንጠለጠላል፣ ከታች ገመዱ የሚጠመጠምበት ተሽከርካሪ ግንድ አለ።

አንድ ቶን የሚመዝን ድንጋይ እናንሳ። ገመዱ ክብደቱን በአምስት እንዲካፈል በፑሊዎቹ ውስጥ ካለፈ፣ ጫፉን የሚስበው ሰው የሚሰማው 200 ኪሎ ነው። አሁን ገመዱ ተጠምጣሚው ግንድ ላይ ይታሰራል። ግንዱን የሚያዞሩበት እንጨት ከግንዱ ግማሽ ውፍረት አምስት እጥፍ ከረዘመ፣ 200ው ወደ 40 ይወርዳል። ሁለት ሰው ሲካፈለው 20፣ 20 ኪሎ። ሰበቃ ይጨምርበታል፣ ቢሆንም ከሰው አቅም በላይ አይደለም። ዋጋው ጊዜ ነው። ድንጋዩ አንድ ሜትር እንዲወጣ እጃቸው 25 ሜትር መዞር አለበት። ድንጋዩ ከፍ የሚለው ዓይን እያየው በማይመስል ፍጥነት ነው።

የመጨረሻው ችግር መቶ ሜትር ገመድ ነው። ከባድ ገመድ ራሱ ሸክም ይሆናል። እዚህ ላይ የሚያግዘው ማማው ውስጥ ያለው መወጣጫ ነው። የታችኛው ክፍል ደረጃ አልነበረውም፤ ግድግዳውን ተከትሎ እየዞረ የሚወጣ ዳገታማ መንገድ እንጂ። ፈረሰኞች ጎን ለጎን እስኪያልፉበት ድረስ ሰፊ እንደነበር ዓረቦቹ ጽፈዋል። ግንቡ ሲያድግ መንገዱም አብሮት ያድጋል። ዕቃ በእንስሳ እስከ ደረሰበት ወጥቶ ከዚያ ላይ ባለ ክሬን መነሳት ይችላል። ከፍ ብለው ያሉት ሁለቱ ክፍሎች ግን ጠባብ ስለሆኑ ደረጃ ነበራቸው።

በእርግጥ ሁሉም ድንጋይ አንድ ቶን አልነበረም። በ1994 የፈረንሳይ አርኪዮሎጂስቱ ዣን-ኢቭ አምፐሬር ቡድን ከባሕሩ ወለል ላይ ካገኛቸው የግራናይት ክፍሎች 70 ቶን የሚደርሱ አሉ። እነዚህ የበሩ መቃንና ጉበን ናቸው። ቦታቸው ታች ስለሆነ መቶ ሜትር መውጣት አላስፈለጋቸውም። ከባዱን ከታች፣ ቀላሉን ከላይ።

እሳቱ ምን ያህል ትልቅ መሆን ነበረበት?

ቁመቱ መንገዱን ከፈተ፣ አሁን ብርሃኑ እዚያ ድረስ መድረስ አለበት። ራሴ ያሰላሁትን ላሳያችሁ። ግምት ነው፣ ግን ልኩን ያሳያል።

በጣም ጥርት ባለ ሌሊት፣ 40 ኪሎ ሜትር ላይ ያለ መርከበኛ በግልጽ እንዲያየው የባሕር መብራት ሠራተኞች የሚጠቀሙበትን መለኪያ ብንወስድ፣ እሳቱ የ3,000 ሻማ ያህል ብርሃን መስጠት አለበት። የእንጨት ነበልባል ከሙቀቱ አንጻር ሻማ የሚሰጠውን ያህል ብርሃን ይሰጣል ካልን፣ ይህ በሰዓት 60 ኪሎ ደረቅ እንጨት ይፈጃል። ለአሥራ ሁለት ሰዓት ሌሊት 720 ኪሎ። አንድ አህያ 60 ኪሎ ከጫነች በየቀኑ 12 አህያ ያንን ዳገት መውጣት አለባት። መንገዱ ለምን እንደሰፋ አሁን ይገባል። ግብፅ ደን የላትም። ማገዶው ራሱ የማማው ትልቁ የዘወትር ወጪ ሳይሆን አይቀርም።

ደመራ ሲነድ ከሩቅ ኮረብታ ላይ ሆኖ ያየ ሰው ይህን ይረዳዋል። መጀመሪያ ችቦው ሁሉ ሲያያዝ ከተማው ሙሉ ይታያል፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ፍም ብቻ ሆኖ ከሩቅ ይጠፋል። ሙቀቱ አለ፣ ብርሃኑ ግን የለም። የባሕር መብራት ጠባቂ ፍም አይጠቅመውም። ነበልባል ነው የሚፈልገው፣ ነበልባል ደግሞ ያለማቋረጥ መመገብ አለበት።

አሁን ሌሊቱን ትንሽ እናዳምነው። ጭጋግ አይደለም፣ ተራ የሚባል ሌሊት ብቻ፣ ዓይን በቀን 18 ኪሎ ሜትር የሚያይበት ዓይነት አየር። ያው 40 ኪሎ ሜትር ላይ እንዲታይ የሚያስፈልገው ብርሃን ከ3,000 ወደ 200,000 ሻማ ይዘላል። ይህን በማገዶ መሸፈን አይቻልም። ስለዚህ ረጅሙ ርቀት የጥሩ ሌሊቶች ብቻ ነበር።

«300 ስታዲያ ርቆ ይታያል» የሚባለው ትክክል ነው?

ይህን የጻፈው አይሁዳዊው የታሪክ ጸሐፊ ፍላቪየስ ዮሴፍ ነው። አንድ ስታዲዮን 185 ሜትር ነው ካልን 300ው 55 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከላይ ባየነው ስሌት 100 ሜትር ማማና መርከብ ምሰሶ ላይ 9 ሜትር ከፍታ የወጣ ሰው 50 ኪሎ ሜትር ይሰጣሉ። ስለዚህ ቁጥሩ ትንሽ ተለጥጧል እንጂ ከእውነት የወጣ አይደለም። ማማው ትንሽ ከረዘመ ይደርሳል።

ከቁጥሩ ይልቅ እኔን የሚስበኝ አብሮ የጻፈው ነው። መብራቱ ከሩቅ የሚታየው መርከቦች በሌሊት ራቅ ብለው መልሕቅ እንዲጥሉ ነው፣ ወደ ወደቡ መግባት አስቸጋሪ ስለሆነ። ልብ በሉ፤ መብራቱ «ና» አይልም። «ቁም፣ ንጋትን ጠብቅ» ይላል። ሲነጋ ነጩ ማማ ራሱ ይታያል፣ መግቢያውም ይለያል። ጥንታዊው የባሕር መብራት ግማሽ ሥራው የቀን ሥራ ነበር።

መስተዋቱስ? እውነት ነበር?

እዚህ ላይ ደብዳቤ ይበዛል። ስለዚህ ቀስ ብዬ ልሂድ።

ስለ ማማው የጻፉት ጥንታዊ ግሪኮችና ሮማውያን እሳትን ያነሳሉ። ማማው ሲያልቅ አካባቢ የጻፈው ገጣሚ ፖሲዲጶስ ሌሊቱን ሙሉ ጫፉ ላይ ትልቅ እሳት እንደሚታይ ይናገራል። ስትራቦንም፣ ፕሊኒም፣ ዮሴፍም መስተዋት የሚባል ነገር አላነሱም። መስተዋቱ የሚመጣው ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ፣ በዓረብ ጸሐፊዎች ነው። ያኔም ታሪኩ ቶሎ ያብጣል። በቁስጥንጥንያ ያለ መርከብ ይታይበታል፣ ከሩቅ የጠላት መርከብ ያቃጥላል ይባላል። በ10ኛው መቶ ዘመን የጻፈው አል-መስዑዲ ደግሞ የሮሙ ንጉሥ ሰላይ ልኮ፣ ከሥሩ ውድ ሀብት ተቀብሯል ብሎ ኸሊፋውን አታልሎ ማማውን በከፊል እንዳስፈረሰና መስተዋቱም እንደጠፋ ይተርካል።

ስለዚህ እንዲህ እላለሁ። የተወለወለ ነሐስ መስታወት ለዚያ ዘመን ባለሙያ ቀላል ነበር፣ እሳቱ ጀርባ ላይ ቢያቆሙ ማንም አይገርመውም። ነገር ግን ማማውን ታዋቂ ያደረገው እሱ አይደለም።

መስተዋት ቢኖርስ ኖሮ ምን ያህል ይጠቅም ነበር?

ከሚወራው ያነሰ። ዝርግ መስተዋት እሳቱ ጀርባ ብታቆሙ፣ ከፊት ያለው ሰው ሁለት እሳት ያያል። አንዱ እውነተኛው፣ ሌላው በመስተዋቱ ውስጥ ያለው። ነሐስ ብርሃንን ሁሉ ስለማይመልስ ሁለተኛው ደብዘዝ ይላል። በጥሩ ቀን ብርሃኑ እጥፍ ሆነ እንበል። ርቀቱም እጥፍ ይሆናል? አይሆንም። ብርሃን ሲሄድ ይሰፋል፣ አየሩም ይውጠዋል። በዚያ ጥርት ያለ ሌሊት 40 ኪሎ ሜትር ይታይ የነበረው እሳት እጥፍ ሲደምቅ 47 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ይታያል። ቀደም ብለን ግን መርከቡ ወለል ላይ ላለ ሰው ጉብታው 46 ላይ እንደሚጋርደው አይተናል። መስተዋቱ የጨመረው ብርሃን መጨረሻው ላይ ከአድማሱ በታች ይቀራል። ጥቅሙ የሚወጣው ጥርት ባላለ ሌሊት ነው፣ ወይም ማገዶ ለመቆጠብ።

ጎድጓዳ መስተዋትስ? ብርሃንን ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሰበስበው ቅርጽ በሒሳብ የተረጋገጠው ዲዮቅሊስ በሚባል ግሪካዊ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ200 አካባቢ ነው። ማማው ካለቀ 80 ዓመት ያህል ቆይቶ። ያም ሆኖ ችግሩ መስተዋቱ ሳይሆን እሳቱ ነው። ጎድጓዳ መስተዋት ቀጭን ጨረር የሚያወጣው ምንጩ ትንሽ ነጥብ ሲሆን ነው። አንድ ሜትር የሚሰፋ ነበልባል ከመስተዋቱ ሁለት ሜትር ላይ ብታነዱ፣ የሚወጣው ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ላይ ሲደርስ 20 ኪሎ ሜትር ይሰፋል። ይህ ጨረር አይባልም። በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ትንሽና ደማቅ የዘይት ፋኖስ እስኪመጣ ድረስ ጎድጓዳ መስተዋት የባሕር መብራት ላይ ቁም ነገር ያልሠራው ለዚህ ነው።

ጥቀርሻውንም አትርሱ። እሳት አጠገብ ያለ ነሐስ በየቀኑ ይጠቁራል። በየጠዋቱ አሸዋና ጨርቅ ይዞ የሚፈትግ ሰው ያስፈልጋል፣ በተፈተገ ቁጥር ደግሞ ፊቱ ይጫጫራል።

በቀን ፀሐይን ይመልስ ነበር ይባላል። ይቻላል?

ይቻላል፣ ግን ለአፍታ። ዝርግ መስተዋት የሚመልሰው የፀሐይ ብርሃን በግማሽ ዲግሪ ያህል ብቻ ይሰፋል። 40 ኪሎ ሜትር ላይ ሲደርስ ከ400 ሜትር ያነሰ ስፋት ነው። በዚያ ውስጥ ያለች መርከብ ዓይን የሚወጋ ብልጭታ ታያለች። ፀሐይ ግን አትቆምም። መስተዋቱ ካልተንቀሳቀሰ ብልጭታው በሁለት ደቂቃ ገደማ ከመርከቧ ላይ ያልፋል። ለአንድ ለታወቀች መርከብ ምልክት ለመስጠት ጥሩ ነው። የት እንዳሉ ለማይታወቁ መርከቦች ሁሉ ግን ነጩ ድንጋይና ቀን የሚጨስ ጭስ ይሻላሉ።

መብራቱ የሚያሳስትበት ጊዜ ነበር?

ነበር። ፕሊኒ ራሱ ያስጠነቅቃል። ያለማቋረጥ የሚነድ እሳት ከሩቅ ሲያዩት ኮከብ ይመስላል። አድማስ ላይ ዝቅ ያለች ደማቅ ኮከብን ማማው ነው ብሎ፣ ወይም ማማውን ኮከብ ነው ብሎ መንገድ የሚስት መርከበኛ አለ። መለያው ትዕግሥት ነው። ኮከብ ትወጣለች ወይም ትጠልቃለች፣ እሳት ቦታው ላይ ይቆያል። ዛሬ የባሕር መብራቶች ብልጭ ድርግም የሚሉት፣ እያንዳንዱም የራሱ ምት ያለው፣ ይህን ግራ መጋባት ለማስቀረት ነው።

ማማው እንዴት ጠፋ? ዛሬ የሚታይ ነገር አለ?

የመሬት መንቀጥቀጥ ነው የበላው፣ ቀስ በቀስ። ከላይ ጀምሮ እየተጎዳ፣ እየተጠገነ ቆየ። አል-በለዊ ሲወጣ ጫፉ ላይ መስጊድ ነበር። በ1303 የደረሰው ትልቅ መንቀጥቀጥ ክፉኛ ጎዳው። ኢብን በጡጣ በ1326 ሲመጣ አንዱ ጎን ፈርሶ አገኘው፣ በ1349 ሲመለስ ደግሞ ወደ በሩ እንኳ መውጣት የማይቻል ፍርስራሽ ሆኗል። ሱልጣን ቃይትባይ በ1470ዎቹ መጨረሻ እዚያው ቦታ ላይ ምሽግ ሠራ። ምሽጉ ዛሬም አለ፣ ሰውም ይጎበኘዋል። ከሥሩ ባሕሩ ውስጥ የማማው ድንጋዮች ተኝተዋል።

ቅርጹን ማየት የሚፈልግ ከእስክንድርያ ወደ ምዕራብ ወደ አቡሲር ይሂድ። እዚያ የፋሮስን ሦስት ደረጃ በትንሹ የሚመስል ጥንታዊ ግንብ ቆሟል፤ አራት ማዕዘን፣ ስምንት ማዕዘን፣ ክብ። የሚሠራ ማየት የሚፈልግ ደግሞ ስፔን፣ ላ ኮሩኛ ይሂድ። የሄርኩሌስ ማማ የሚባለውን ሮማውያን የሠሩት ከ1,900 ዓመት ገደማ በፊት ነው። የውጭ ልባሱ በ1791 ያለቀ እድሳት ነው፣ ውስጡ ግን የሮማውያኑ ግንብ ነው። ቁመቱ 55 ሜትር ነው፣ ማታ ማታም ይበራል።